ያ ሰማያዊ የት ሄደ?

ነገሩን ያነሳችው ሰርግና ምረቃ የምታነሳ ፎቶግራፈር ናት። አዲስ አበባ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከምንተዋወቅ ሰዎች ጋር ተቀምጠናል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል።

«እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ» አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ የማነሳው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ያው ሰማይ፣ ያቺው ፀሐይ፣ ግን ቀይ። በመሀል ምን ተቀየረ?»

የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበሩት ጋሼ ቀደሙ። «ይሄማ ምን ያነጋግራል? የባሕር ነፀብራቅ ነው። ጅቡቲ ስትገቡ ባሕሩና ሰማዩ የት እንደሚለያዩ እንኳ አይታይም።»

ከጎናቸው የተቀመጠው የፊዚክስ መምህር ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከዚህ ጅቡቲ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኛ ሰማይ የቱን ባሕር ያንፀባርቃል? እንዲያውም ባሕሩ ነው ከሰማዩ የሚበደረው። ውሃው ራሱም ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ሰማያዊነቱን ያጠናክረዋል።» ጋሼ ሳቁ። መሸነፋቸውን ግን አላመኑም።

ቀጥሎ የገባው የሲሚንቶ ነጋዴው ነው። እሱ ሲከራከር ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። «አቧራ ነው ጎበዝ! ቀኑን ሙሉ መኪና ሲሄድ፣ ግንባታ ሲሠራ፣ ከብት ሲነዳ የሚነሳው አቧራ ማታ ላይ ይከማቻል። ፀሐይዋ በዚያ ውስጥ ስታልፍ ትቀላለች። ጠዋት አቧራው አርፏል፣ አትቀላም።»

«ጠዋትም ስትወጣ እኮ ትቀላለች» አለች ፎቶግራፈሯ። «ለዚያውም በመስከረም፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦት ባለቀበት ጊዜ። የእኔ ምርጥ የማታ ፎቶዎች የዚያ ወር ናቸው። አቧራ ቢሆን ኖሮ ምርጦቹ የየካቲት ይሆኑ ነበር።»

ነጋዴው ትንሽ አሰብ አደረገ። «እሺ፣ አየሩ ራሱ ወንፊት ነው በይ። ሰማያዊውን ይይዛል፣ ቀዩን ያሳልፋል።»

መምህሩ እዚህ ላይ ነው የነቃው። «ወንፊት ያልከው አይሆንም። ወንፊት የያዘውን ይዞ ይቀራል። አየሩ ግን ምንም አይዝም፤ ይበትናል። ወንፊት ቢሆን ቀን ላይ ቀና ስትል የምታየው ሰማያዊ ከየት መጣ? ተይዞ ቀርቶ የለ?»

ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ የሁሉም ቀለማት ድብልቅ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው። ሰማያዊው 450 ናኖሜትር አካባቢ፣ ቀዩ 650 አካባቢ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አየሩን የሠሩት የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞለኪውሎች ደግሞ ከእነዚህ የሞገድ ርዝመቶች ከሺህ እጥፍ በላይ ያንሳሉ። ብርሃን ሲመታቸው ውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ይርገበገባሉ፤ የሚርገበገብ ኤሌክትሮን ደግሞ የተቀበለውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው መልሶ ይረጫል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር እርግብግቢቱ ይፈጥናል፣ የሚረጨውም በጣም ይጨምራል።

«በጣም ስትል ስንት?» አለ ነጋዴው። ቁጥር ይወዳል።

«650ን ለ450 አካፍል። 1.44 ገደማ ነው። ያንን አራት ጊዜ በራሱ አባዛው።»

ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ አሰላ። 1.44 ጊዜ 1.44 ጊዜ 1.44 ጊዜ 1.44፦ 4.3 ገደማ ሆነ። ሰማያዊው ከቀዩ ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል ማለት ነው። ቀን ላይ ቀና ብለን ከፀሐይዋ ራቅ ያለ ቦታ ስናይ ወደ ዓይናችን የሚመጣው ይኸው በመንገድ ላይ የተበተነው ብርሃን ነው። ለዚህ ነው ሰማያዊ የሚሆነው።

«በአፍማ ሁሉም ይቻላል» አለ ነጋዴው። «አሳየኝ።»

መምህሩ አስተናጋጇን ጠርቶ በረጅም ብርጭቆ ውሃ፣ ለብቻው ትንሽ ወተት አስመጣ። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ብርጭቆውን ከላዩ አስቀመጠና ወተቱን ጠብ አደረገበት። እጁ ከበደ መሰለኝ፣ ውሃው ጭው ብሎ ነጣ። ነጋዴው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «ይኸው! ሰማዩ ወተት ሆነ!»

ሁለተኛ ብርጭቆ መጣ። አሁን በማንኪያ ጫፍ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ። ከጎን ስናየው ውሃው ስስ ሰማያዊ፣ ጭስ የመሰለ ቀለም ያዘ። ከላይ ወደ መብራቱ ቁልቁል ስናይ ደግሞ መብራቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። መምህሩ ብርጭቆውን በግማሽ ነበር የሞላው። ያንኑ ዓይነት ውሃ ጨምሮ እስከ አፉ ሲሞላው ቢጫው ወደ ብርቱካናማ ዞረ። ወተቱ አልወፈረም፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መንገድ ነው የረዘመው።

አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ስታይ ነበር። «ግን መምህር፣ ከሰማያዊ ይበልጥ የሚያጥረው ወይን ጠጁ አይደል? ታዲያ ሰማይ ለምን ወይን ጠጅ አልሆነም?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ያልፋል። መምህሩም ደስ አለው። ወይን ጠጁ እውነትም ይበልጥ ይበተናል አላት። ነገር ግን ፀሐይ የምትልከው ወይን ጠጅ ከሰማያዊው ያነሰ ነው፤ ዓይናችንም ለወይን ጠጅ ደካማ ነው። ከሰማይ የሚመጣው ደግሞ አንድ ቀለም ብቻ አይደለም። ወይን ጠጅም፣ ሰማያዊም፣ አረንጓዴም፣ ከሌሎቹም ጥቂት ጥቂት አለበት። ዓይን ያንን ድብልቅ ውሃ ሰማያዊ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ይህን ስንባባል ፀሐይዋ ጠለቀች። ጋሼ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ወደ ላይ አንጋጠጡ። «ቆይ መምህር፣ አሁን ፀሐይዋ ገብታለች። እዚያ ማዶ ቀልቷል፤ እሺ። ከአናታችን በላይ ያለው ግን አሁንም ሰማያዊ ነው። እሱስ?»

«ያው መበተኑ ነው ጋሼ» አለ መምህሩ፣ ሒሳብ እየጠየቀ። ክርክሩ እዚያ ላይ ተበተነ።

እንግዲህ እኔ ዳኛ ብሆን እንዲህ እፈርዳለሁ።

በዋናው ጉዳይ መምህሩ ረትቷል። ያላሰላው ግን የማታውን ነው፤ እሱን ልጨርስለት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከላያችን ያለው አየር ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል። ንጹሕ አየር ነው ብለን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በቀጥታ ከሚመጣው ሰማያዊ ከመቶው 15 ያህሉ ይበተናል፤ ከቀዩ 4 ያህሉ ብቻ። ስለዚህ የቀን ፀሐይ ነጭነቷን ብዙም አታጣም። አድማስ ላይ ስትደርስ ግን ብርሃኗ አየሩን በአግድም ነው የሚያቋርጠው። የሚያልፈው አየር ከአናት ሲመጣ ከሚያልፈው 38 እጥፍ ያህል ይሆናል። በእያንዳንዱ እጥፍ ከቀረው ላይ እንደገና 15 በመቶ እየተቀነሰ ሲሄድ፣ ከሺው ሰማያዊ የሚደርሰን ሁለት ገደማ ብቻ ነው። ከሺው ቀይ ግን ከ200 በላይ ይደርሳል። ከቀን እስከ ማታ ሕጉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው መንገዱ ነው። የፎቶግራፈሯ መልስ ይኸው ነው። የጎደለውም ሰማያዊ አልጠፋም። ማታ ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን ከምዕራብ በኩል፣ ከነቀምት ወዲያ ማዶ ካለው አየር ላይ አልፎ ነው የሚደርሰን። እዚያ ፀሐይ ገና ስላልገባች፣ ከእኛ የተቀነሰው ሰማያዊ ለእነሱ ሰማይ ሆኗል።

ነጋዴው ተሸነፈ ይባል እንጂ እኔ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ብቻውንም አይደለም። አየርላንድ የተወለደው ጆን ቲንዳል በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ብናኝ ፈጥሮ ብርሃን ሲያሳልፍበት ሰማያዊ ሲሆን አይቷል። ሰማዩንም የሚያቀልመው አየሩ ላይ ያለ ደቃቅ ነገር ነው ብሎ አስቦ ነበር። ያንን አራት ጊዜ የማባዛት ሕግ በ1871 ያወጣው ሎርድ ሬይሊ ነው። ብናኝ ሳያስፈልግ የአየሩ ሞለኪውሎች ብቻቸውን እንደሚበቁ ያሳየው ግን በ1899 ነው። ሬይሊን እንኳ ይህን ያህል ዓመት የፈጀበትን ነጋዴው በአንድ ማኪያቶ ባይደርስበት አይፈረድበትም። ደግሞም ንጹሕ አየር ብቻውን የሚሰጠው በአብዛኛው ቢጫና ብርቱካናማ ነው። ፀሐይዋን እንደ ፍም የሚያቀላት ጭስና በጣም ደቃቅ ብናኝ ሲጨመር ነው። በ1883 ክራካታው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ በዓለም ዙሪያ ምሽቱ ለወራት የቀላው ለዚህ ነው።

የስህተቱ ቦታ መጠኑ ላይ ነው። ከሞገዱ የሚበልጥ አቧራ ቀለም አይመርጥም፤ ሁሉንም እኩል ይበትናል። ወተት የበዛበት የመጀመሪያው ብርጭቆ ደግሞ የመከነው በብዛቱ ነው፦ ብርሃኑ ደጋግሞ ተበትኖ ሁሉም ቀለም ተደባለቀ፣ ነጣ። በበጋ የከተማችን ሰማይ ወደ አድማሱ የሚገረጣው በሁለቱም ነው። ቤት ውስጥ መሞከር የሚፈልግ ካለ ቅባቱ የወጣለት ወተት ይሻላል፤ የስቡ ጠብታዎች ትልልቅ ናቸውና ቀለሙን ያደበዝዙታል።

የቀሩት ጋሼ ናቸው። በባሕሩ ተረትተዋል፤ በመጨረሻው ጥያቄ ግን መምህሩን ይዘውታል። ፀሐይ ከገባች በኋላ አናታችን ላይ ያለውን አየር የሚያበራው ብርሃን ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዞ ሰማያዊው ተመናምኖበት ነው የሚደርሰው። መበተን ብቻ ቢሆን ኖሮ የአናቱ ሰማይ ወደ ግራጫና ቢጫ ማድላት ነበረበት። ኸልበርት የተባለ አሜሪካዊ ፊዚክስ ተመራማሪ በ1953 እንዳሳየው፣ በዚያ ሰዓት ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው በዋናነት ኦዞን ነው። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ይህ ጋዝ ብርቱካናማውንና ቢጫውን ብርሃን ይውጣል፤ ሰማያዊውን ይተዋል። ቀን ላይ ውጦ የሚያሳየን ለውጥ ትንሽ ነው፤ ምሽት ላይ ግን ብርሃኑ ኦዞኑን በአግድም ስለሚያቋርጠው ሥራው ይበዛል። ይኼኛው መበተን ሳይሆን መዋጥ ነው፤ ለዚህኛው የነጋዴው ወንፊት ይሠራል። ሒሳቡን የከፈለው መምህሩ ነው፤ ቀጣዩም የእሱ ዕዳ ነው።