የሚጠነክረው ሲሚንቶ፣ የሚረግፈው ድንጋይ

«ኖራ የተጠቀሙት እኮ ሲሚንቶ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ ከኖራ አሥር እጥፍ የሚጠነክር ማያያዣ በእጃችን እያለ ለምን ወደ ኋላ እንመለሳለን?» ሰሞኑን ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገና በተካሄደ አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ይህን ያሉት በእንግድነት የተጋበዙ መሐንዲስ ናቸው።

የንግግሩ የመጀመሪያ ግማሽ ለክርክር አይበቃም። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ምርት ፓተንት ያገኘው በ1824 ነው፤ ስለዚህ የጎንደር ግንበኞች ሲሚንቶ ያልተጠቀሙት አማራጭ ቀርቦላቸው ትተውት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። የሚያናድደው ሁለተኛው ግማሽ ነው። «አሥር እጥፍ ይጠነክራል» ብሎ ክርክሩን የሚዘጋ ሰው፣ ግድግዳው ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚፈልግ አልጠየቀም ማለት ነው። ከመሐንዲስ አንደበት ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ሒሳቡ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅምና።

እስቲ እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በራሱ ክብደት ከሥሩ ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ሩብ ሜጋፓስካል እንኳ አይሞላም። ከፍታውን ወደ 30 ሜትር ብናሳድገውም ግፊቱ 0.7 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። በአግባቡ የተሠራና ጊዜ ወስዶ የጠነከረ የኖራ ሞርታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜጋፓስካል ይሸከማል። አንድ ለሦስት የተቦካ የሲሚንቶ ሞርታር 15 ሜጋፓስካልና ከዚያ በላይ እንደሚደርስ አልክድም። ነገር ግን ያ ሁሉ ትርፍ ጥንካሬ ምን ሊሸከም ነው? አሮጌ የድንጋይ ግንብ በማጣበቂያ ኃይል ተያይዞ የቆመ ሕንፃ አይደለም፤ የሚቆመው በራሱ ክብደት ነው። የሞርታሩ ሥራ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ አደላድሎ ማስቀመጥ፣ ክብደቱን እኩል ማከፋፈል፣ ግድግዳው በሙቀትና በቅዝቃዜ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ መንቀሳቀስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገባውን ውኃ ማስወጣት ነው።

ክርክሩ የሚወሰነው በዚሁ በውኃው ጉዳይ ነውና እዚህ ላይ ልቆይ። የጎንደርን ግንቦች ቀርቦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ግድግዳው በአብዛኛው ጥቁር ባዝልት ሲሆን፣ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስቶች ግን ቀላ ካለ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከቱፍ፣ ተጠርበው የተሠሩ ናቸው። ጠራቢዎቹ ቱፉን የመረጡት ለመሮ ስለሚታዘዝ ነው፤ ለመሮ የሚታዘዘውም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ነው። ባዝልቱ ውኃን እምብዛም አያስተላልፍም። ስለዚህ በክረምት ከግንቡ አናት ወይም ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው ሆድ የገባ ውኃ ዝናቡ ሲያባራ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ መገጣጠሚያው፣ ሌላው ቱፉ። መገጣጠሚያው ኖራ ከሆነ አብዛኛው እርጥበት በእሱ በኩል ይተናል። ውኃው ይዞት የመጣው ጨውም ኖራው ውስጥ ይቀራል፤ ኖራውም በብዙ ዓመታት ሂደት እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ኖራው የተቀመጠው እንዲህ ድንጋዩን ተክቶ እንዲጎዳ ነው።

አሁን ያንን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ድፈኑት። አንደኛው መንገድ ተዘጋ። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለው እርጥበት ሁሉ በመስኮቱ ዙሪያ ባለችው ቀይ ድንጋይ በኩል ብቻ ሊወጣ ግድ ሆነበት ማለት ነው። ውኃው በድንጋዩ ፊት ሲተን ጨው ከገጹ ሥር፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ ክሪስታል እየሠራ ያድጋል፤ ሲያድግም የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ይገፋል። ከመሬት፣ ከወፍና ከሌሊት ወፍ ኩስ በሚመጣው ጨው ላይ ሲሚንቶው ራሱ የያዛቸው የሶዲየምና የፖታሲየም ጨዎች ይታከሉበታል፤ ጠጋኙ በሽታውን ከነመድኃኒቱ ስም ይዞ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጨው ይሟሟል፣ በጋ በመጣ ቁጥር ተመልሶ ይጠጥራል።

ውጤቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር በሲሚንቶ የተያዘ ለስላሳ ድንጋይ አጠገብ ብትቆሙ በጠርዙ በኩል፣ ሲሚንቶው በሚነካው መስመር ላይ፣ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። በጣት ሲነካ የድንጋዩ ብናኝ አብሮ ይረግፋል። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ ከገጹ ሥር ባዶ ድምፅ ከተሰማ ቅርፊቱ ከአካሉ ተላቋል። ቀጥሎ ቅርፊቱ ይወድቃል፤ ከዓመታት በኋላ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ሲሚንቶው ብቻውን ጠርዝ ሆኖ ወደ ፊት ወጥቶ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ነው የሲሚንቶ ወዳጆች መጥተው «አያችሁ፣ ድንጋዩ አርጅቷል፣ ሲሚንቶው ግን እንደ ጸና ነው» የሚሉት። ገዳዩን ከሟቹ በላይ ስለቆየ መመረቅ እንዲህ ነው።

«ሲሚንቶ ውኃ አያስገባም» የሚለው ሁለተኛ መከራከሪያ ከመጀመሪያው አይሻልም። ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግትር በመሆኑም ከድንጋዩ ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በሲሚንቶውና በድንጋዩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ዝናብን ወደ ውስጥ ለመሳብ ከሰፊው ይልቅ የተመቸ ነው፤ የገባው ውኃ ግን በዚያው በኩል ተንኖ ለመውጣት የሚያገኘው ቦታ ኢምንት ነው። እንኳን ግንበኛ ልብስ ጠጋኝም ባረጀ ሸማ ላይ ያልታጠበ አዲስ እራፊ አይጥፍም።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር አዲስ ቢሆን ኖሮ ንግግሩን በቸልታ ባለፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1931 በአቴንስ የተሰበሰቡ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ባወጡት ሰነድ ዘመናዊ ዘዴዎችን፣ በተለይም የብረት ኮንክሪትን፣ በአሮጌ ሕንፃዎች ላይ በጥንቃቄ መጠቀምን ፈቅደው ነበር። የጣሊያን ወራሪ ጦር ጎንደርን በያዘባቸው ዓመታት በፋሲል ግቢ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት የገባው በዚያው ዘመን መንፈስ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የጥገና ሥራዎች አንዱ ድካማቸው ያንን ሲሚንቶ እየፈለፈሉ አውጥቶ በኖራ መተካት ነበር። ማለትም «ወደ ኋላ መመለስ» እየተባለ የሚናቀው ነገር፣ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ግቢያችን ሲሚንቶው ተሞክሮ ከወደቀ በኋላ የተወሰደ እርምጃ ነው። ለአንድ ስህተት ሁለት ጊዜ ከፍለናል፤ መሐንዲሱ ሦስተኛ ደረሰኝ ሊያስቆርጡን ይፈልጋሉ።

መፈልፈሉ ራሱ ጉዳት አለው። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ስለሚጠነክር ሲነቀል የድንጋዩን ጠርዝ ይዞ ይመጣል። ሥራው በእጅ፣ በቀጭን መሮና በትንሽ መዶሻ መሆን አለበት፤ ግራይንደር በጠባብ መገጣጠሚያ ላይ ከገባ የቀረውን ጠርዝ ይጨርሰዋል። ሳይጎዳ የማይወጣ ሲሚንቶ ካለ እስኪላቀቅ ትቶ መጠበቅ ይሻላል። መገጣጠሚያው ከስፋቱ ሁለት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ከተጠረገ በኋላ አቧራው በውኃ ይታጠባል፤ ድንጋዩም እንዲርስ ይደረጋል፤ ደረቅ ድንጋይ የሞርታሩን ውኃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋልና። ከዚያም በውኃ ከተፈላ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የተቀመጠ ኖራ አንድ እጅ፣ ሸካራና ደቃቁ የተመጣጠነ የታጠበ አሸዋ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጅ ሆኖ ይቦካል። ጥልቅ መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጫን ሲሉት የጣት ምልክት ብቻ የሚቀበልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ በጠንካራ ብሩሽ ይደበደባል። ይህ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ገጹንም ለአየር ይከፍታል።

ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ከፀሐይ ተከልሎ፣ ቢያንስ ሳምንት መጠበቅ አለበት። «ኖራ ሞክረን ረገፈብን» የሚሉ ተቋራጮች አብዛኞቹ በጠራራ ፀሐይ ለጥፈው በማግስቱ ጥለውት የሄዱ ናቸው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። መመርመር የሚፈልግ ከሞርታሩ ትንሽ ሰብሮ ፌኖልፍታሌን የተባለውን ቀለም የሚለውጥ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ያድርግበት፤ ሐምራዊ የሆነው ገና ያልጠነከረው ነው፤ ቀለም ያልያዘው ጠርዝ ጠንክሯል።

«እሺ፣ እንግዲያው ኖራው ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ይደረግበት» የሚለው የሽምግልና ሐሳብ ለተቋራጭ ምቹ ነው፤ ቶሎ ይይዛልና። ጥቂቷ ሲሚንቶ ኖራው በራሱ መንገድ እንዳይጠነክር ታደናቅፋለች፤ ጨውዋንም አትተውም። የተሻለ አያያዝና የውኃ መቋቋም ከተፈለገ በደንብ ያልተቃጠለ ሸክላ ተፈጭቶ ወይም ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራው ጋር ይደባለቅ፤ እሱ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። ለአዲስ ኮንክሪትና ለብሎኬት ሲሚንቶ ቦታው ነው፤ ይህንን የሚከለክል የለም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከግንበኛው እጅ ሳይሆን ከወረቀት ነው። የጥገና ጨረታ ሰነዶች ለአዲስ ሕንፃ ከተዘጋጁ ሰነዶች ሲገለበጡ «ፖይንቲንግ በሲሚንቶ ሞርታር 1፡3» የሚለው፣ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ እንዲሞላ የሚያዝ መስመር አብሮ ይገለበጣል፤ ተቆጣጣሪውም በ28 ቀን የጥንካሬ ምርመራ ይጠይቃል። ለማጠንከር ወራት የሚፈልግ ኖራ በ28 ቀን ፈተና እንደሚወድቅ የታወቀ ነው፤ የወደቀው ግን ፈተናው ነው። ያ መስመር ከጥንታዊ ሕንፃ ሰነድ ይሰረዝ። በምትኩ ተቋራጩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በግድግዳው ዝቅተኛ ክፍል አንድ ካሬ ሜትር የሙከራ ገጽ በኖራ ሠርቶ እንዲያሳይ፣ ያ ገጽ አንድ ክረምት እንዲያልፍበት፣ በኅዳርም ተቆጣጣሪው ነጩ ጨው በኖራው ላይ ወይም በድንጋዩ ላይ መውጣቱን በዓይኑ አይቶ እንዲፈርም ይጻፍበት።