ማስተካከያ፦ በሊዲንግ ጭነት የቮልቴጅ ሬጉሌሽን ምልክት

«ፓወር ፋክተሩ 0.8 እስከሆነ ድረስ፣ ላጊንግም ሆነ ሊዲንግ፣ ሬጉሌሽኑ 3.2% ነው» ብዬ ስለ ትራንስፎርመር በጻፍኩት ባለፈው ጽሑፌ ያሰፈርኩት ስሕተት ነው።

የኤሌክትሪክ ማሽን መማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ግምታዊ ቀመር VR ≈ R cosφ ± X sinφ ሲሆን፣ መደመሩ ለላጊንግ፣ መቀነሱ ደግሞ ለሊዲንግ ነው። በምሳሌው ትራንስፎርመር ከአጭር ዙር ሙከራ የተገኘው ሬዚስታንስ 1%፣ ሪአክታንሱም 4% ስለነበር፣ cosφ 0.8፣ sinφ ደግሞ 0.6 ሲሆኑ፣ በሙሉ ጭነት ለላጊንግ 0.8 + 2.4 = 3.2% መሆኑ ትክክል ነው፤ ለሊዲንግ ግን 0.8 − 2.4 = −1.6% ይሆናል። በዩኒቲ ፓወር ፋክተር sinφ ዜሮ ስለሆነ የሬዚስታንሱ 1% ብቻ ይቀራል። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሬጉሌሽኑ ዜሮ ይመስላቸዋል፤ ዜሮ የሚሆነው ግን tanφ = R/X ሲሆን፣ በዚህ ትራንስፎርመር 0.97 ሊዲንግ አካባቢ ነው።

አሉታዊው ምልክት የሚነግረን ቮልቴጁ በጭነት ጊዜ ከፍ እንደሚል ነው። ያለ ጭነት 400 ቮልት የሚሰጠው ትራንስፎርመር፣ በሊዲንግ ጭነት በቀድሞው ስሌቴ 12 ቮልት ገደማ መውረድ ሲገባው፣ በእውነቱ 6 ቮልት ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በቀድሞው ቁጥር ተመርቶ፣ ካፓሲተር ለበዛበት ጭነት ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ታፕ የመረጠ ሰው ምርጫውን እንደገና ያስላ፤ የላጊንጉ ስሌት ግን አይለወጥም።