ሥራ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቆመው የቱ ነው? እቁቡ፣ ብድሩ ወይስ ቤቱ

ጠያቂ፦ ባለቤቴ ስድስት ዓመት የሠራበት ፋብሪካ ሰው ሲቀንስ እሱንም አሰናበተው። ደመወዙ ግብርና ጡረታ ሳይነሳ 12,000 ነበር፤ ሲወጣ 32,000 ብር ሰጡት። ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ከጉልት በወር 3,500 አላጣም። ወጪያችን፦ ኪራይ 3,000፣ ምግብ 4,500፣ እቁብ 1,500፣ የቁጠባ ማኅበር ብድር 1,200 (9,600 ይቀረናል)፣ የትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት 1,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 600፣ መብራትና ውሃ 400፣ እድር 100። እቁቡ የ12 ሰው ነው፤ አምስት ጊዜ ጥለናል፣ ገና አልወጣልንም። የትኛውን እናቁም፣ የትኛውን እናዘግይ?

የብድር ባለሙያዋ፦ ወደ ወጪው ከመግባቴ በፊት 32,000ው ላይ ልቁም፤ ቁጥሩ የሆነ ነገር ይነግረኛል። የቀን ደመወዙ 400 ብር ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 12,000 ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላሉት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ 4,000፣ ይጨመራል። ድምሩ ልክ 32,000 ነው። ፋብሪካው የሥራ ስንብት ክፍያውን ብቻ ከፍሎ ጨርሻለሁ ብሏል ማለት ነው። ሠራተኛ በቅነሳ ሲወጣ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ያስከፍላል፤ ይኼ ደግሞ 24,000 ብር ነው። ያልወጣበት የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ይታሰባል። የስንብት ደብዳቤውን አውጥታችሁ እዩት፤ ምክንያቱ «የሠራተኛ ቅነሳ» ተብሎ ተጽፏል? ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «በስምምነት» የሚል ወረቀት ላይ ሳያነቡ ይፈርማሉ። የይገባኛል ጥያቄው በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

አሁን ወደ ወጪው። ድምሩ 12,300 ነው፤ የእህታችን 3,500 ሲነሳለት በየወሩ 8,800 ይጎድላል። ምንም ሳትነኩ ከቀጠላችሁ 32,000ው አራት ወር አይሞላም። እኔ በመጀመሪያ የማቆመው እቁቡን ነው። ደመወዝ የሌለው ቤት በወር 1,500 ብር እየጣለ ማጠራቀም አይችልም።

የእቁብ ዳኛው፦ እህቴ፣ የ60 ቀኑን ነገር ስላነሳሽው እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔም አላወቅሁትም ነበር። በእቁቡ ግን አልስማማም። እቁብ እንደ ስልክ ካርድ ዛሬ ተወኩት የሚባል ነገር አይደለም። አምስት ጊዜ የጣሉት 7,500 ብር ቢያቆሙ ወዲያው አይመለስም። አብዛኛው እቁብ ያቋረጠ ሰው ገንዘቡን የሚወስደው የመጨረሻው እጣ ከወጣ በኋላ ነው ይላል፤ ይኼ ሰባት ወር ነው። በሚፈልጉት ጊዜ ታስሮ ይቀመጣል። ከማቆም ይልቅ ዳኛውንና ጸሐፊውን አስቀድመው ያናግሩ። ችግር ለገጠመው አባል እጣ ማስቀደም ያለ ነገር ነው፤ የወጣለት ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ተራ ይለዋወጣሉ። 18,000 ብር ባንድ ጊዜ እጃቸው ይገባል፤ ወለድ የለው፣ ደጅ መጥናት የለው።

ሌላም አለኝ። 32,000ው እጃቸው ላይ እያለ ያንን 9,600 ብር ዕዳ ዘግተው ይገላገሉ። ከዚያ ከታቦር ወጥተው ወደ ቱላ አቅጣጫ 1,800 ብር ቤት ይፈልጉ። ዕዳና ኪራይ ከቀለለ ሌላው በራሱ ይቀላል።

የብድር ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ተራ በተራ እንየው። እጣው ቢቀድምላቸው በዚህ ዙር 1,500 ጥለው 18,000 ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዙር፣ ማለትም 9,000 ብር ይቀርባቸዋል። 1,500ውንና 9,000ውን ከ18,000 ላይ ካነሱት 7,500 ይቀራል፤ ቀድሞ ራሳቸው የጣሉት ያው ገንዘብ። የቀረው ብድር ነው፣ የብድሩም ዋስ ሰው ነው። የሚያስፈራኝ 18,000ውን እንደ ገቢ ቆጥረው ሲበሉት ነው። በሦስተኛው ወር መጣል ያቅታቸዋል፣ ዳኛው ዋሱ ዘንድ ይሄዳል፣ ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባል ወንድም ወይም ጎረቤት ነው።

የእቁብ ዳኛው፦ እሱማ እውነት ነው፣ አየዋለሁ። እጣ በልቶ የሚጠፋ የለም አልልም። ታዲያ እንዲህ ይሁን፤ 18,000ው በገባ ቀን 9,000ው በሌላ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ከዚያም በየወሩ ለእቁቡ ብቻ ይውጣ። ያኔ 7,500ው ከሰባት ወር በኋላ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ተራ የሚለቅላቸው ከጠፋ ደግሞ እጣውን ለሌላ ሰው ማዞር ይቻላል። አዲስ የሚገባው ሰው 7,500ውን ለእነሱ ሰጥቶ በስማቸው ቦታ ይገባል፣ የቀረውን እሱ ይጥላል። ሰው ችግራቸውን ካወቀ 7,000 ወይም 6,500 ሊላቸው ይችላል፤ እሱን ይወቁት። ዳኛው ፊት፣ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ስሙን ሲቀይር ይሁን እንጂ በቃል አይስማሙ። ግማሽ እጣ ለሌላ ሰጥቶ 750 እየጣሉ መቀጠልም አለ።

የብድር ባለሙያዋ፦ 9,000ው ተለይቶ ከተቀመጠ ተቃውሞ የለኝም። እንዲያውም ከማቆም ይሻላል፤ ያልኩትን እዚህ ላይ አስተካክላለሁ።

አንድ አንባቢ፦ ይኼን ሁሉ ከመጨነቅ ለስድስት ዓመት የተቆረጠለትን ጡረታ ለምን አያወጣም? ከሱ 7 በመቶ፣ ከፋብሪካው 11 በመቶ ነው፤ ቀላል ብር አይደለም። በዚያ ላይ ትንሽ ሱቅ ቢከፍቱ ከነጭራሹ በጀት ማስላቱ ቀርቶላቸው ነበር።

የብድር ባለሙያዋ፦ ጡረታ ከሥራ ስለወጡ ብቻ የሚወጣ ቁጠባ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ሲቀጠር አገልግሎቱ እየተደመረ ይሄዳል። የመለያ ቁጥሩን ይዞ ያስቀምጥ። ሱቁን ለሌላ ቀን እንተወው፤ የተጠየቅነው በዚህ ወር ምን እንደሚከፈል ነው።

ወደ ብድሩ ልመለስ፤ ጋሼ በጣም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዕዳ መዝጋት ደስ ይላል፣ ግን የወጣ ብር ተመልሶ አይመጣም፤ ደመወዝ ለሌለው ሰው ደግሞ ማንም ድጋሚ አያበድርም። 9,600ውን ባንዴ ከመክፈል ይልቅ የክፍያው ቀን ሳያልፍ ለማኅበሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ሥራው የቆመበት ቀን ከስንብት ደብዳቤው ኮፒ ጋር፣ አሁን መክፈል የሚችሉት መጠን፣ እና ለስንት ወር። «1,200ው ቀርቶ ለስድስት ወር 600 እየከፈልን ጊዜው ይራዘምልን» በሉ። ቀኑ ሳያልፍ ያመለከተና ሁለት ወር ጠፍቶ የመጣ ሰው በብድር ኮሚቴ ፊት አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ፋይል ላይ ቅጣት ተጽፏል፣ ለዋሱ መሥሪያ ቤት ደመወዙ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ወጥቷል። ማኅበሩ ውስጥ ያላቸው ቁጠባ ስንት እንደሆነም ይጠይቁ፤ ከዕዳው ከበለጠ ከአባልነት ወጥቶ ማቻቻልም አለ።

የእቁብ ዳኛው፦ ሲራዘም ወለዱ ይጨምራል፤ እሱን አልተናገርሽም።

የብድር ባለሙያዋ፦ ይጨምራል፣ ልክ ነዎት። የማወዳድረው ግን ከቀኑ ብዛት ጋር ነው። ምግቡ 3,800፣ ትራንስፖርትና ስልኩ 250፣ ብድሩ 600 ሆኖ ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መብራትና ውሃው፣ እድሩ እንዳሉ ቢቀጥሉ የወሩ ወጪ 9,150፣ ጉድለቱ 5,650 ነው። 32,000ው ከእቁቡ 7,500 ጋር 39,500 ይሆናል፤ ሰባት ወር ገደማ ያስኬዳል። ብድሩን ዛሬ ከዘጉት ስድስት ወር ገደማ ይሆናል። ለሥራ ፈላጊ ያ አንድ ወር ከወለዱ ይበልጣል። 24,000ው ከተገኘማ አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው።

የእቁብ ዳኛው፦ መብራቱን ለምን አልቀነስሽውም? የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚበላ ነው። በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር አንዴ ቢጋግሩ ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው በግማሽ ይቀንሳል።

የብድር ባለሙያዋ፦ ቆጣሪው የራሳቸው ካርድ ከሆነ ይቅነሱ። ግን ሁለት ክፍል ተከራይ ነን ስላሉ ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምና አከራይዋ ሂሳቡን በተከራይ ቁጥር የምታካፍል ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ እነሱ የቆጠቡት ለጎረቤት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ክፍፍሉን ይነጋገሩ። ምግቡ ላይ ግን የሚቀንሱት በሙሉ ለራሳቸው ነው፤ ጤፉን ሁለት እጅ አድርገው ማሽላ አንድ እጅ ይቀላቅሉ፣ ምስርን በቦሎቄ ይተኩ። ዘይቱንና የልጆቹን ቁርስ አልነካም።

የእቁብ ዳኛው፦ ቤቱስ? 1,200 ብር በየወሩ ማዳን ትንሽ ነገር አይደለም።

የብድር ባለሙያዋ፦ አዲሱ አከራይ የሁለት ወር ቅድሚያ 3,600 ይጠይቃል፣ የዕቃ ማጓጓዣም አለ።

የእቁብ ዳኛው፦ ቅድሚያው እኮ ኪራይ ነው፤ አልጠፋም! የሁለት ወሩን ቤት ኖሩበት።

የብድር ባለሙያዋ፦ እውነት ነው፣ ቅድሚያውን ወጪ ብዬ መቁጠሬ ስህተት ነው። የምፈራው ባጃጁን ነው። ጉልቷ ታቦር ከሆነ ለመሄጃና ለመመለሻ በቀን 40 ብር ብታወጣ በ26 ቀን 1,040 ይሆናል፤ የዳነውን 1,200 ሊውጠው ምንም አልቀረው። ጉልቱን ከቤቷ አጠገብ ብታዞረው ደግሞ ደንበኞቿን ታጣለች፤ ዛሬ የቤቱ ብቸኛ ገቢ ያ 3,500 ነው።

የእቁብ ዳኛው፦ የቱላ ገበያ ሻጭ የለውም እንዴ? እኔ አሁንም ይውጡ ነው የምለው፤ ሦስት ወር ጠብቀው ብር ሲያልቅ ከሚወጡ፣ ብር እያለ ቤት መርጠው ቢወጡ ይሻላል።

የብድር ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ አንስማማም፤ ጉልቷ የት እንዳለ እሷ ታውቃለች። ባሉበት ከቆዩ ግን ኪራዩን ዝም ብለው አያሳልፉ። አንድ ወር ከጠበበ 1,500ውን በቀኑ ሰጥተው ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን ይናገሩ። የትንሿን ልጅ ትምህርት ቤት በዓመቱ መሃል አያስወጧት። ክፍያው በወር በወር እንዲሆን ይጠይቁ፤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የምትዛወር ከሆነ በሰኔ ይሁን፣ ዕዳ ካለ መሸኛው ይያዛል። እድሩን አይንኩት፤ 100 ብር አድነው ከወጡ በኋላ ተመልሶ መግባት መመዝገቢያና ውዝፍ ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን አሁን አየሁት፤ «በድርጅቱ ችግር ምክንያት» ነው የሚለው፣ ቅነሳ የሚል ቃል የለበትም። የ60 ቀኑ ቀረ ማለት ነው?

የብድር ባለሙያዋ፦ አልቀረም፤ ቃሉ ብቻውን አይወስንም። ከሱ ጋር ስንት ሰው እንደወጣና በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነ ወሳኝ ነው፤ ሕጉ ቅነሳ የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶው ሲነካ ነው። አብረውት የወጡትን ያሰባስብና ደብዳቤዎቻቸውን ይዘው ሰኞ የከተማው ሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት፣ የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው፤ ሠራተኛ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።