ከአሻራው ጀርባ ያለው ቁጥር

«አሻራዬን ስልኩ ያውቀዋል፤ ታዲያ ጠፍቶ ሲበራ ለምን ቁጥር አምጪ ይለኛል?»

ይህን የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። ቤት ውስጥ ስልኳ አልፎ አልፎ የይለፍ ቁጥር ሲጠይቃት ልጇ ትመታላት ስለነበር፣ እርሷ አውራ ጣቷን ከማሳረፍ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ብቻዋን ደሴ ሄዳ ሳለ መብራት ጠፋ፤ የስልኩም ባትሪ አለቀ። በማግስቱ መብራት መጥቶ ስልኩ ሲበራ አውራ ጣቷን ደጋግማ ብታሳርፍም አልከፈት አላት። በግምት የመታቻቸው ቁጥሮች ደግሞ ስልኩ የሚያስጠብቃትን ጊዜ ከማርዘም በቀር አልጠቀሟትም። የልጇ ስልክ ቁጥር ያለው እዚያው የተቆለፈው ስልክ ውስጥ ስለነበር፣ በዘመድ በኩል ተፈልጋ እስክትገኝ ሁለት ቀን ፈጀ።

ስልኩ አልተበላሸም። በውስጡ ያለው ፎቶ፣ መልእክትና የስልክ ማውጫ ተመስጥሮ የተቀመጠ ሲሆን፣ ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ የሚገኘው የምንመታው የይለፍ ቁጥር በቺፑ ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ምስጢራዊ ቁጥር ጋር ሲዋሐድ ነው። አሻራ ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ምክንያቱም ጣታችንን ባሳረፍን ቁጥር አቀማመጡ፣ እርጥበቱና ጫናው ስለሚለያይ፣ አንባቢው የሚያገኘው ምስል ከተመዘገበው ጋር ተቀራራቢ እንጂ ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። ቁልፍ ለመሥራት ግን አንዲት አሃዝ እንኳ መዛባት የለባትም። ስለዚህ ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ ቁጥሩን ይቀበልና ቁልፉን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን በተጠበቀው የቺፑ ክፍል ይዞ ይቆያል፤ አሻራው ወይም ፊቱ በበቂ ሁኔታ ሲመሳሰልለት ይለቀዋል። ስልኩ ሲጠፋ ያ የተያዘው ቁልፍ አብሮ ይጠፋል።

ቁጥሩ የሚጠየቀው ግን ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ብቻ አይደለም። አይፎን አሻራው ወይም ፊቱ አምስት ጊዜ ሳይመሳሰልለት ሲቀር፣ እንዲሁም ለ48 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላም ደንብ አለ፦ ቁጥሩ ለ156 ሰዓት፣ ማለትም ለስድስት ቀን ተኩል ካልተመታ እና ባለፉት አራት ሰዓታት ስልኩ በአሻራ ወይም በፊት ካልተከፈተ፣ ቁጥሩ ግድ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁጥሩን የመታ ሰው እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 156 ሰዓቱ ይሞላበታል። ሲያመሽ ስልኩን እየከፈተ ስለሚቆይ ምንም አይሰማውም፤ ሰባት ሰዓት ተኝቶ ሰኞ ጠዋት ሲነሣ ግን ስልኩ «ያለ ምክንያት» ቁጥር ይጠይቀዋል። አንድሮይድ በበኩሉ ጠንካራ ብሎ ለመደበው አሻራ በተለምዶ በየ72 ሰዓቱ ቁጥር ሲጠይቅ፣ ደካማ ለሚለው ዓይነት ገደቡን ወደ 24 ሰዓት ያወርደዋል።

ይህ የጠንካራና የደካማ ልዩነት በተለይ በፊት አከፋፈት ላይ ይታያል። አፕል የማያውቀን ሰው በአጋጣሚ በፊቱ አይፎናችንን የመክፈት ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ እንደማይበልጥ፣ በአሻራ ደግሞ ከ50,000 አንድ እንደሆነ ይገልጻል፤ መንታ ወንድምና እኅት ሲሆን ግን የፊቱ ስሌት አይሠራም። ርካሽ በሆኑ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው የፊት መክፈቻ ጥልቀት የማይለካ ተራ የፊት ካሜራ ብቻ ስለሚጠቀም በፎቶግራፍ ጭምር ሊታለል ይችላል። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው የፊቱን ትቶ አሻራውን ቢጠቀም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «አሻራ አለኝ» ብሎ ቁጥሩን 1234 ወይም የልደት ዓመቱን የሚያደርገው ሰው ነው። ስልኩን የሰረቀው ሰው አሻራውን ለማታለል አይደክምም፤ አምስት ጊዜ የራሱን ጣት አሳርፎ ቁጥር መምቻውን ያስመጣና 1234ን ይሞክራል። ባለአራት አሃዝ ቁጥር 10,000 አማራጭ ብቻ ሲኖረው ባለስድስት አሃዝ አንድ ሚሊዮን አለው፤ ይህ ስሌት የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ በቀላሉ የማይገመት ሲሆን ነው።

አክስቴ አሁን ራሷ የመረጠችው ባለስድስት አሃዝ ቁጥር አላት፤ እንዳትረሳው ጠዋት ጠዋት በአሻራ ፋንታ እርሱን ትመታለች። በሊጥና በአመድ ብዛት አሻራው የደበዘዘውን አውራ ጣቷንም ሁለት ጊዜ መዝግበንላታል፤ ያው ጣት በተለያየ አቀማመጥ በድጋሚ ሲመዘገብ ስልኩ ቶሎ ያውቀዋልና። የልጇ ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል።