«ትንሽ ስፔስ እፈልጋለሁ» ብሎ ስልኩን አጠፋ

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሆነን ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን የአንድ ጓደኛችን ነገር ተነሳ። ልጁ ሂሳብ ክፍል ነው የሚሰራው፣ የሰኔ መዝጊያ ደርሶበት ሶስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን የሚያውቀው ለእንቅልፍ ብቻ ነበር፣ እጮኛው ደግሞ በቀን አስር ጊዜ ትደውላለች። ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ «ትንሽ ስፔስ እፈልጋለሁ። ደህና ሁኚ» ብሎ ላከና ስልኩን አጥፍቶ ለጥ አለ። እሷ ስታለቅስ አድራ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እህቱ በር ላይ ቆማ ተገኘች።

በእድሜ ከፍ የሚለን ሰውዬ «ጥፋቱ መጻፉ ነው» አለ። «ወንድ ልጅ ሲደክመው ዝም ይላል፣ ሲያርፍ ይመጣል። ዝም አይነቅዝም።» እሺ ዝም ሲላትስ ምን ታስብ አልነው። «ዝም አይነቅዝም!» ሌላ ክርክር አልነበረውም፣ እውነቴን ነው፣ ተረቷን እንደ ስኳር እያማሰለ ነው ያመሸው።

አብራን የነበረችው ልጅ ሳቀችና «ጋሼ፣ ነቀዘ እኮ! ሌሊቱን ነው የነቀዘው» አለችው። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ልጅቷ ያስረዳችን ነገር ደግሞ ቀላል ነው ግን አስቤው አላውቅም። «ስፔስ» የሚለው ቃል እኛ ጋ የገባው ከፊልም ነው፣ ፊልም ላይ ደግሞ ስፔስ ያለ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ ስለዚህ የሚሰማው «በቃን» ተብሎ ነው። ለብቻዬ ልሁን፣ ልረፍ ማለት እያለ ምን አስኬደው? «ትንሽ» የሚለውም ሁለት ቀን ይሁን ሁለት ወር አይታወቅም፣ መጨረሻ የሌለውን ነገር ደግሞ የምትጠብቀዋ ናት የምትሞላው፣ በክፉ ክፉው። «ደህና ሁኚ» ደግሞ መሰናበቻ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት «ደህና እደሪ» ነው የሚባለው፣ እደሪ ያለ ሰው ነገ አለው።

እዛው ማበሻ ወረቀት ላይ፣ ጓደኛችን ያን ማታ መላክ የነበረበትን እንዲህ ጻፍንለት፦

«የኔ ቆንጆ፣ የሰኔው መዝጊያ አድክሞኛል፣ ማታ ማታ ከማንም ጋር ማውራት እያቃተኝ ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ከስራ ስወጣ ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ልሁን፣ መተኛት ነው ሌላ ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት እጽፍልሻለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ደውዪ፣ አነሳለሁ። አርብ 12 ሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እራት አብረን ነን። ደህና እደሪ።»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም» የሚል የለበትም፣ ያላሰበችውን ጥፋት ነው የሚያሳስባት። ምክንያቱ ቀድሞ ከገባ እሱን ማለት አያስፈልግም። «ደከመኝ» ይበል እንጂ «ሰለቸኝ» ደግሞ እንዳይል፣ ሰለቸኝ ካለማ እሷ ናት የሰለቸችው። «ከፋኝ» ብላ ብትመልስም ክርክር ውስጥ አይግባ፣ «ይገባኛል፣ አርብ እንገናኝ» ይበቃል።

ሰውዬው አነበበውና «ይሄ ሁሉ? የኪራይ ውል ነው እንዴ!» አለ፣ ቀጥሎ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዝም አይነቅዝም።

እርግጥ ይሄ ሜሴጅ ሁሉ ቦታ አይሰራም። ጭቅጭቅ መሀል ከተላከ ቅጣት ነው የሚመስለው፣ እዛ ጋ ጎትማን የሚባለው አሜሪካዊ የትዳር ተመራማሪ የሚመክረው ይሻላል፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያይቶ ተረጋግቶ መመለስ። ልቡ የወጣ ሰው ከላከው ደግሞ ውሸት ነው። አርብ 12 ሰዓት ካልመጣማ ሁለተኛ ማንም አያምነውም፣ የሜሴጁ ጉልበት ያለው አርብ ላይ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር ለብቻ መሆን በሽታ ነው፣ በርህን ዘግተህ ብትቀመጥ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የማይጠይቅህ የለም፣ አከራይዋ ሳትቀር። ወንዱ ቢያንስ ካፌ ይወጣል፣ ሴቷ ለብቻዋ የምትሆነው ታክሲ ውስጥ ነው፣ እዛም ስልኳ ይጠራል። ኦንላይን ነበርሽ ለምን አልመለስሽም፣ አይተሻል ለምን ዝም አልሽ፣ ድሮ ደብዳቤ ወር ቆይቶ ሲደርስ ማን ተጣላ? አሁን አስር ደቂቃ ያልመለሰ ሰው ይከሰሳል። ሰውዬው ይሄን ሁሉ ሲሰማ ስልኩ ሶስቴ ጮኸ፣ ሚስቱ ናት፣ ሶስቴም ገለበጠው። ልጅቷ አየችው፣ አየችኝ፣ ሂሳብ ጠራን።