ሲሙን ከመገንጠላችሁ በፊት «ስልኩ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን

ሦስት ሳምንት ሙሉ የእናቴ ስልክ ዝም አለ። ዱባይ ያለችው እህቴ ስትደውል አይገባም። ዕቁብተኞቿ ሲፈልጓት የሚደውሉት ለእኔ ነው። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አንዲት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ ናት። እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ታክሲ ውስጥ ስልኳ ጠፋባት። ወንድሜ ድሮ ይጠቀምበት የነበረ ስልክ ቤት ስለነበረን እሱን ሰጠናት። መታወቂያዋን ይዘን ምትክ ሲም ልናወጣ ሄድን። ተራ ጠበቅን፣ ፎርም ሞላን፣ ከፈልን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ካርዱን አወጣችና፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በአውራ ጣቷ ገፍታ ትንሿን ገነጠለች። ዙሪያው ቅርጫት ውስጥ ገባ። ስልኩ በእማዬ እጅ ነበር፣ ማንም አላየውም። «ስልካችሁ ምን ዓይነት ነው?» ያለን የለም።

የእማዬ ስልክ ደግሞ ማይክሮ ነው የሚቀበለው።

ለማያውቅ ላስረዳ። አሁን የሚሸጠው ሲም አብዛኛው ሦስቱንም መጠን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ትልቁ፣ ስታንዳርድ የምንለው፣ 25 በ15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቁልፍ ስልኮች በብዛት የሚወስዱት እሱን ነው። መካከለኛው ማይክሮ 15 በ12 ነው። ትንሹ ናኖ 12.3 በ8.8 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ አይፎን 5 ይዞት ከመጣ በኋላ፣ ስማርት ስልኮች ቀስ በቀስ ወደ ናኖ ዞሩ። ካርዱ ላይ የሚታዩት የተበሱ መስመሮች የሦስቱ ድንበሮች ናቸው። ቺፑ ያው አንድ ነው፣ የሚለየው በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ብቻ። ስለዚህ ልጅቷ ጣቷን በሌላኛው መስመር ላይ ብታሳርፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ትልቁን በኋላ ማሳነስ ይቻላል። የተገነጠለውን ግን መልሶ ትልቅ ማድረግ አይቻልም።

«ናኖ ነው፣ ስልኩ አይቀበለውም» ስንላት «አዳፕተር ይሸጣል እኮ፣ ውጭ አለ» አለችን። ገዛን። ያኔ እንቢ ብዬ አለመቆሜ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አዳፕተር የምንለው መሀሉ ክፍት የሆነ ስስ ፍሬም ነው። ናኖዋን መሀል ታስቀምጡና ማይክሮ የመሰለ ነገር ይሆናል። ግን ልኩን አስቡት። ማይክሮ ከናኖ የሚበልጠው ሁለቱ ጎን ተደምሮ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፍሬሙ እንደ ክር ቀጭን ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ውፍረታቸውም አንድ አይደለም፤ ስታንዳርድና ማይክሮ 0.76 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ናኖ 0.67 ነው። ለዓይን አይታይም። ካርዷ ግን ፍሬሙ ውስጥ ትወዛወዛለች። ብዙዎቹ አዳፕተሮች ከሥር የሚይዝ ነገር የላቸውም፣ ካርዷን የሚይዛት የጠርዙ ጥብቀት ብቻ ነው።

ሁለት ወር ሠራ። ከዚያ ስልኩ አንዳንዴ «No SIM» ማለት ጀመረ። መንቀጥቀጥ ሲበዛ ካርዷ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ ቺፑ ስልኩ ውስጥ ያሉትን የብረት ፒኖች መንካት ያቆማል። እማዬ ለጎረቤት ልጅ «ሲሟን አውጥተህ መልሰህ ክተትልኝ» አለችው። ልጁ ሲሟ የምትቀመጥበትን ትሬ በመርፌ ነካው፣ ትሬው ግማሽ ወጣና ቀጥ አለ። ጎተተው። አሁንም ጎተተው። ቀጭ አለ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ከፈተውና ጠጋ ብዬ በማጉያው እንዳይ ነገረኝ። የሲም ሪደሩ ላይ ስድስት ቀጫጭን የብረት ፒኖች አሉ። እያንዳንዳቸው እንደ ስፕሪንግ ጎበጥ ብለው ወደ ካርዱ ይገፋሉ፣ እየተጫኑ ቺፑን የሚነኩት በዚያ ነው። አራቱ ልክ ነበሩ። ሁለቱ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ አንደኛው ጫፉ ተሰብሯል።

«ማን ነው የጎተተው?» አለኝ። ቀጥሎ ያስረዳኝ ነገር ይኸው ነው። ትሬው ሲወጣ ናኖዋ ከፍሬሙ ሾልካ ወደ ኋላ ቀርታለች። የፍሬሙ ቀዳዳ ባዶ ሆነ። ተጭነው የነበሩት ፒኖች ባዶውን ሲያገኙ ተነስተው ቀዳዳው ውስጥ ገቡ። ከዚያ የፍሬሙ ጠርዝ እንደ መንጠቆ ያዛቸው። ፒኑ የተሠራው ካርድ ሲገባ እንዲንሸራተት ነው፣ በወዲያኛው አቅጣጫ ሲጎተት ግን ይታጠፋል። ባዶ አዳፕተር ለሙከራ ብሎ የሚከት ሰው ላይም የሚደርሰው ይሄው ነው። ናኖዋን በስኮች የሚለጥፉም አሉ። ስኮቹ ውፍረት ስለሚጨምር ትሬውን ያጣብቀዋል። ስልኩ ሲሞቅ ደግሞ ሙጫው ፒኖቹ ላይ ይቀራል።

ትሬው ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመባችሁ አትጎትቱ። ስልኩን አጥፉት። መጀመሪያ ትሬውን ቀስ ብላችሁ ትንሽ ወደ ውስጥ መልሱት፣ የያዘው ፒን የሚለቀው በዚያ አቅጣጫ ነው። ባለሙያው የሚያደርገውንም አሳየኝ። ስስ ግን ጠንከር ያለ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ከዕቃ ማሸጊያ የተቆረጠ፣ በትሬው ስፋት ቆርጦ በካርዱና በፒኖቹ መሀል ያስገባል። ፕላስቲኩ ፒኖቹን ተጭኖ ሲይዛቸው ትሬው አብሮት ይወጣል። ይሄ የሚሠራው ፒኑ ገና ካልታጠፈ ነው። ከወጣ በኋላ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ፒኖቹ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ ሌላ ሲም አትክተቱበት፣ የቀረውንም ይጨርሰዋል።

የእማዬ አልተረፈም። ሪደሩ በሙቀት ተነቅሎ ሌላ መበየድ ነበረበት። ስልኩ ያረጀ ስለሆነ ዕቃው ቶሎ አልተገኘም። ሦስቱ ሳምንት ያለቀው እሱን ስንጠብቅ ነው። እሷ በየቀኑ «ልጄ፣ እህትሽ ደወለች?» ትለኛለች። የማይጮኸውን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር የምትውለው።

ስልኩ ሲጠገን ምትክ ሲም እንደገና ለማውጣት ሄድን። እንደገና ተራ፣ እንደገና ክፍያ። አሁን ግን ካርዱ ገና ሳይነካ «እህቴ፣ አትገንጥይው። ማይክሮ ነው የምንፈልገው። ስልኩም ትሬውም ይኸው» አልኳት። ትሬውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ካርዱን ከትሬው አጠገብ አስተያየችው፣ መካከለኛውን መስመር ያዘችና ገነጠለች። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ካርዱ ያው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

መስኮት ውስጥ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። ሁሉም ሰው አዲስ ስልክ የለውም። እናቶቻችን የሚይዙት ከልጅ የተረፈውን ነው። የቁልፍ ስልክ የያዘ ገበሬ ከሩቅ መጥቶ ናኖ ተገንጥሎለት ሲመለስ፣ ቀፎውን ከፍቶ የሚያስተካክልለት ሰው ላያገኝ ይችላል። ስልኩን እዩት፣ ከዚያ ገንጥሉ።

እናንተም ስትሄዱ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ትሬውን መክፈቻ መርፌም ጭምር። የድሮው ሲም ካለ እሱን አሳዩ። መጠኑን ካላወቃችሁ «ሳትገነጥሉ ስጡኝ» በሉ፣ ቤት ገብታችሁ ከትሬው ጋር አስተያይታችሁ ራሳችሁ ትገነጥሉታላችሁ። ማይክሮ ወይም ስታንዳርድ ስትይዙ ደግሞ መሀል ያለችውን ናኖ በጣት አትግፏት፣ መስመሯ ከላላ ያው አዳፕተር ሆነች ማለት ነው።

ትናንት ማታ እህቴ ደወለች። እማዬ ሳሎን ሆና አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች።