«ስግብግብነት ነው» ለሚሉን

«በባንክ ቢልኩ ኖሮ አይበሉም ነበር። ስግብግብነታቸው ነው ጉድ የሠራቸው።»

ሰሞኑን በሬዲዮ የቀረቡ አንድ የባንክ ባለሙያ ናቸው እንዲህ ያሉት። የተጠየቁት ዓረብ አገር ካሉ ልጆቻችን ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ሰብስበው ስለሚሰወሩ የጥቁር ገበያ ወኪሎች ነበር። ስለ ሌባው ተጠይቀው የተሰረቀውን ገሠጹ።

እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ብር ለገበያ ከመለቀቁ ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቁር ገበያ ደግሞ ከ110 ብር በላይ። ዓረብ አገር ያለች የቤት ሠራተኛ 500 ዶላር በባንክ ብትልክ እናቷ 28 ሺህ 500 ብር ታገኝ ነበር፤ በወኪል ከ55 ሺህ በላይ። ይህን ልዩነት የፈጠረችው እሷ ናት? የቤት ኪራይና የታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ ስግብግብነት ከተባለ እንግዲህ ምን ይባላል።

ደግሞ ወኪሉ ከመጀመሪያው ሌባ ሆኖ አይመጣም። ሪያሉን እዚያ ይቀበላል። እዚህ ዶላር ያጣ አስመጪ ብሩን እናትየው አካውንት ውስጥ ያስገባል። ሪያሉ አገር ቤት አይደርስም፤ ዱባይ ወይም ቻይና ላይ ለአስመጪው ዕቃ ይከፈልበታል። ለዓመታት እንዲህ ይሠራል። ጠዋት ከተሰጠ ከሰዓት በኋላ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ በዋትስአፕ ይመጣል፣ እናት ደውላ «ገብቷል ልጄ» ትላለች። ጎረቤትም ጓደኛም የሚልከው በእሱ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ምንዛሬውን ከሌሎቹ ወኪሎች 3 ወይም 4 ብር ጨምሮ መጥራት ይጀምራል። ብሩ ግን «ነገ ይገባል» ይባላል። ነገ ደግሞ ሲስተም የለም። ምንዛሬው እየጨመረ ክፍያው ከዘገየ ነገሩ አልቋል፦ ሰውዬው የትናንቱን ላኪ በዛሬዋ ላኪ ገንዘብ እየከፈለ ነው። በዓል ሲደርስ ላኪው ይበዛል፣ ስልኩም ያኔ ይዘጋል። ብዙ ብር የምትልከው ከሆነ በትንሽ ጀምራ፣ እናቷ በጆሮዋ «ገባ» ሳትላት ቀሪውን ባትሰጥ ይሻላል። ደረሰኝ በፎቶ ሊፈበረክ ይችላል።

ባንክ ገንዘቧን ይዞ እንደማይጠፋ አልክድም። ግን ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት የቤት ሠራተኛ ሳዑዲ ውስጥ በየትኛው መስኮት ትላክ? ፖሊስ ጋ ብትሄድ ከወኪሉ በፊት የምትታሰረው እሷ ናት። ሌባውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ባለሙያው ስለ ሌላው ጫፍ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የወኪሉ የአዲስ አበባ ሸሪክ ለዓመታት ብር ያስገባው በባንክ አካውንት ነው። ስሙም፣ ቅርንጫፉም፣ ቀኑም እሳቸው በሚያውቁት ሲስተም ውስጥ ተመዝግቧል። የእናትየውን አካውንት «ምንጩ ያልታወቀ ገቢ» ብሎ ለማገድ የሚፈጥን እጅ፣ ያስገባውን ሰው ጠርቶ ለመጠየቅ ምን ያዘው?